የጠጂቱ ድርብ ጥርስ

ጠጂቱ አሶሳ ገበያ ውስጥ ማር ትሸጣለች። በልጅነቷ በድርብ ጥርሷ ይስቁባት ስለነበር፣ ፎቶ ስትነሳ ሁልጊዜ ከንፈሯን ትገጥማለች።

ለማሯ ማስታወቂያ የሚሠራላት ዲማ እንዲህ የተነሳችውን አንድ ፎቶዋን በኮምፒውተር አንቀሳቅሶ፣ ሌላ ሴት በቪዲዮ ላይ የሳቀችውን ሰፊ ሳቅ አሳቃት። ከንፈሯ ሲከፈት ግን ፕሮግራሙ ያላየውን ከራሱ ሞላ። ጥርሱ ነጭና እኩል ነው፤ ከንፈሯ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም አብሮ ይንሸራተታል።

"ይቺ ደግሞ ማናት?" አለች ጠጂቱ።

"እርስዎ ነዎት እትዬ። ፎቶው ላይ አፍዎ ዝግ ስለሆነ ማሽኑ ጥርስዎን አያውቀውም፤ ገምቶ ነው የሠራው። ስቀው አንድ ፎቶ ቢነሱልኝ ይስተካከላል።"

ጠጂቱ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። የዚያች ሴት ጥርስ ያምራል፤ ግን የእሷ አይደለም።

"ደንበኞቼ የማያውቋት ሴት ማሬን አትሸጥልኝም። በል አንሳኝ" አለችና ጥርሷን ገልጣ ሳቀች።

ዲማ አዲሱን ፎቶ ከድሮው ጋር አብሮ ለፕሮግራሙ ሰጠው፤ የአፏንም ውስጥ ለብቻው አሠራው። አሁን ከንፈሯ ሲሸሽ የላይኛው ጥርሷ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ድርቡም በትክክል ቦታው ላይ ነው። ምላሷ ከታችኛው ጥርሷ ኋላ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ አፏ ወደ ውስጥ እየጨለመ ይሄዳል።

በማግስቱ ጎረቤቷ ጋዲሴ ቪዲዮውን ስልክ ላይ አይታ፣ "ራስሽ ነሽ እኮ! እንዲህ ስትስቂ ግን አይቼሽ አላውቅም" አለቻት።

ጠጂቱ ወደ ዲማ ደወለች።

"ባምባሲ ላለችው እህቴም ላክላት" አለችው። "ትየኝ።"