ያላፏጨሁት ዜማ

የዚያን ቀን ጅልነቴን የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ለሚኖር ክራር ደርዳሪ ከሰዓት በኋላ አንድ ዜማ ላፏጭለት ቀጠሮ ይዤ፣ ጠዋት ሁለት የፊት ጥርሶቼን አስነቀልኩ! ለልጄ ሠርግ አፌ ከሕመም ይረፍ ብዬ እኮ ነው። ፉጨት ጥርስ እንደሚፈልግ ያወቅሁት ደርዳሪው ፊት ተቀምጬ ከንፈሬን ሳሾል ነው። ፍፍፍ! ምራቅ ወጣ፤ ዜማ የለም። እንዳላንጎራጉር ድምፄ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ከፍ ዝቅ አያውቅም፤ ማጠፊያው የዛገ በር ነው።

ዜማው የሟች ሚስቴ ነበር። ቃል የለውም፤ ስሙንም ጠይቄያት አላውቅም። ልጃችንን ጡት ሳታስጥል ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ዜማው የቀረው በእኔ ፉጨት ውስጥ ብቻ ነው። እሑድ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ይህ ካልተደረደረ አልሸኛትም ብዬ ምያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሊከለክለኝ አብሮኝ መጥቷል።

"ሃያ ዓመት ጓሮ ሆኖ ሲያፏጨው ሰምቻለሁ፤ ሙሾ ነው" አለው ለደርዳሪው። "ሠርግ ላይ ሙሾ አላስደረድርም።"

"ሙሾ አይደለም!" አልኩ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጥጥ አፌ ውስጥ እንዳለ።

"በምን አወቅህ?"

በምንም አላወቅሁም። ግን እሺ ማለት አልወድም።

ደርዳሪው ልጅ እግር ቢሆንም ትዕግሥተኛ ነው። "አባባ፣ ማፏጨቱን ይተዉት። በእጅዎ ያሳዩኝ። ከላይ ነው የሚነሳው ከታች?"

"ከታች። ከሲቀላ።" እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። "ከዚያ አንዴ ዘሎ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ይወጣል። እዚያ ትንሽ ይቆምና ቁልቁለቱን ይወርዳል።"

"አወራረዱ እንዴት ነው? ደረጃ በደረጃ ነው?"

"አይደለም። አንድ ጠባብ እርምጃ፣ አንድ ዝላይ። እንደገና ጠባብ እርምጃ፣ እንደገና ዝላይ። እንደ እኔ አሁን፣ ጉልበቱን እንደሚያመው ሰው።"

በትዝታ ቅኝት ደረደረልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ "ይሄ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ የእሷ ያነክሳል።" ክሮቹን ጠምዞ ባቲ አደረገው። ቀረበ! ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ሦስት ድምፆች ተከታትለው ይመጣሉ፤ የእሷ ሁለት ሁለት ነው። ጣቶቼን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አሳየሁት። ፈገግ አለ፤ ሁለት ክር አላላ፣ አንድ አጠበቀ።

"መጨረሻውስ አባባ? ወደ መነሻ ድምፁ ተመልሶ ቤቱ ይገባል?"

"አይገባም። ደጃፍ ላይ ይቆማል። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ።"

"ፍጥነቱስ?"

"ዝግ ያለ ነው" አለ ወንድሜ ፈጥኖ። እውነቱን ነው፤ እኔ ሳፏጨው ዝግ ያለ ነበር።

"እርስዎን አይደለም" አለው ደርዳሪው። ወደ እኔ ዞሮ "እሷ ምን እየሠራች ነበር የምታዜመው?"

"ኩልፎ ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ።"

"እጇን ያሳዩኝ።"

ጋቢዬን አወለቅሁና ጠቅልዬ ወንበሩ ላይ እንደ እሷ መታሁት። ረጅም፣ አጭር፤ ረጅም፣ አጭር። እጄ ከእኔ ይልቅ ያስታውስ ኖሯል፤ ሳላስበው ፈጠነ። አቧራው ወንድሜን አስነጠሰው።

"ችክችካ!" አለ ደርዳሪው። "ፊቷስ? አዝናለች?"

"የለም። ትቆጣለች፣ ግን ትስቃለች። አባቷ አይሆንም እያለ እኔን ያገባች ሴት ናት፤ ሥራዋ እንደዚያ ነበር።"

ጣቱን ክሮቹ ላይ ጣለ። ከታች ተነሳ፣ ዘለለ፣ ቆመ፣ እያነከሰ ወረደ፣ ደጃፍ ላይ ቀረ። እኔ ጋቢዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ድዴ መጠዝጠዙን ያቆመ መሰለኝ።

"አንቺሆዬ ቅኝት ነው" አለ። "ዜማው የሙሽራ መሸኛ ነው፤ በእናቴ አገር ሙሽራዋ ደጃፉን ስትሻገር ይዜማል። እርስዎ በሐዘን ጎትተውት ነው እንጂ ሙሾ አይደለም።"

ለካ ሙሾ ያደረግሁት እኔ ነኝ! ጥርስ ኖሮኝ ባፏጨው ኖሮ ይሄ ልጅ ከወንድሜ ጋር ይስማማ ነበር። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም። "አልኩህ እኮ!" ነው ያልኩት፣ ከፍ አድርጌ፣ እስከ ጎረቤት።

"አልክ፣ አልክ" አለ። "በምን እንዳወቅህ ግን አልነገርከኝም።"

እሑድ ልጄ ደጃፉን ስትሻገር ተደረደረ። ወንድሜ መጀመሪያ እጁን አጣጥፎ ቆመ፤ ኋላ ግን ጭብጨባው ከሁሉም በለጠ። ሰው ሲጠይቀው "የወንድሜ ሚስት ዜማ ነው" ይላል፣ እሱ ያገኘው ይመስል።

ለእኔ ግን አልበቃኝም። ደርዳሪውን ጠራሁና "ትንሽ ወደ ላይ አድርገው፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር" አልኩት። "ይበቃል አባባ" አለኝ። "ትንሽ ብቻ!" አልኩ። ጠመዘዘ፣ ጠመዘዘ፣ ጧ! የመጨረሻው ክር ተበጠሰ።

ክሩ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ናይለን ነው፤ ከከተማችን በታች ያለው ሐይቅ ዳር ወርጄ አንድ ክንድ እንዳመጣለት ቃል ገባሁ። በአምስት ክር ጨረሰልን። ይኸው ልጄ ልጅ ወልዳለች፤ ሐይቁ እዚያው ነው፤ ናይለኑን ግን እስካሁን አላመጣሁለትም።