ኃላፊ የሚለው ዓምድ

ሞኝ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

በደርግ ጊዜ ነው። ሊሙ ገነት አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጊዜያዊ ጸሐፊ ነበርኩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና፣ «ከለቀማ በፊት እንሠራዋለን ያልነው ሁሉ በየወረቀቱ ተበትኖ ቀረ። አንድ ላይ ሰብስቢልኝ። አሳምረሽ ከሠራሽው ቋሚ እንድትሆኚ እጽፍልሻለሁ» አሉኝ። ቋሚ! ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ያለችው እናቴ ይቺን ቃል ለመስማት ስለት ተስላ ነበር።

በየወረቀቱ ሲሉ እውነታቸውን ነው። የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የጠረጴዛ ካላንደር ጠርዝ፣ የነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ፣ የሲጋራ ፓኮ ሳይቀር። ሰፊ ወረቀት በማስመሪያ ከፋፍዬ ሥራ፣ ኃላፊ፣ የማጠናቀቂያ ቀን፣ ያለበት ደረጃ የሚሉ ዓምዶች አወጣሁ። አንዱ ወረቀት ላይ «ገንዳው ይታጠብ»፣ ሌላው ላይ «ማብላያው ይጽዳ» ይላል፤ ጠይቄ ማብላያ የሚሉት ያው ቡናው የሚብላላበት ገንዳ መሆኑን ሳውቅ አንድ መስመር አደረግኋቸው። ቀን ያልተቆረጠለትን «አልተወሰነም» አልኩ እንጂ ከራሴ አልፈጠርኩም። «ዘንድሮ ዝናቡ በረታ» የሚለውንማ ምን ላድርገው? ሥራ አይደለም፣ ተውኩት።

የሲጋራው ፓኮ የመካኒካችን ነበር። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኦቦሌቲ ኮ»፣ እህቴ፣ ይሉኛል። ወባ የጣለችኝ ጊዜ በጣቢያው መኪና ጅማ ድረስ ወስደው ያሳከሙኝ እሳቸው ናቸው። ፓኮው ላይ በገዛ እጃቸው፣ «የመፈልፈያው ማሽን መለዋወጫ፤ ጅማ ስወርድ አመጣለሁ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ» ብለው ጽፈዋል። ሥራው አለ፣ ሰውየው አለ፣ ቀኑ አለ። ከዚያ ሁሉ ቁርጥራጭ እንደዚህ የተሟላ አላገኘሁም።

ረቂቁን ላሳያቸው ጋራዥ ወረድኩ። በጣታቸው ቆጠሩ።

«አምስት መስመር በእኔ ስም? ኧረ ኦቦሌቲ ኮ! አንዱ ቢዘገይ ካድሬው አናቴ ላይ ነው የሚወጣው። የመለዋወጫዋን አንቺ ላይ አድርጊያት። የመጠየቂያ ደብዳቤውን የምትጽፊው አንቺ አይደለሽ? የማመጣው እኔ ነኝ፣ ስሙ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ አመጣለሁ ብለው የጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እኔና አንቺ ምን ልዩነት አለን?» አሉ። ፓኮውንም «ጅማ ስሄድ እንዳልረሳ» ብለው ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት።

እኔም ኃላፊ በሚለው ዓምድ «ጸሐፊ» ብዬ ሞላሁ። እጄን በቆረጠው! ደብዳቤውን የዚያኑ ዕለት ጽፌ፣ አስፈርሜ ሰጠኋቸው።

ሥራ አስኪያጁ ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፈው እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩ ጀመር። ሰኞ ሰኞ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ጋሼ «በመንገድ ላይ ነው» ይላሉ፤ እኔ «በመከናወን ላይ» እላለሁ። መስከረም አለቀ። አሁንም «በመከናወን ላይ» አልኩ።

ጥቅምት ላይ ቀይ እሸት ቡና ጎረፈ። በሁለተኛው ቀን አሮጌው ዕቃ ተሰብሮ ማሽኑ ቆመ። እሸቱ ተከምሮ ጋለ፣ ከዚያ ሸተተ። ደብዳቤዬ ለካ ከጋራዡ ወጥቶ አያውቅም።

ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ሰንጠረዡን ከግድግዳ ነቅሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «መለዋወጫ ማምጣት። ኃላፊ፣ ጸሐፊ። ጓዲት፣ ይህ አሻጥር ካልሆነ ምንድን ነው?» በዚያ ዘመን በዚያች ቃል የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

ጋሼን አየኋቸው። ተነሡ። ተመስገን፣ ሊናገሩልኝ ነው አልኩ።

«ጓዶች፣ በእኔ ስም የተመዘገቡት አራቱም ሥራዎች ተጠናቀዋል። ሰንጠረዡ ይመስክር።»

«ጋሼ፣ ፓኮው!» አልኩ።

«የምን ፓኮ?» አሉ።

ያን ቀን የተሰማኝን ዛሬም በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ካድሬው አይደለም የጎዳኝ። ካድሬውማ የተጻፈውን ነው ያነበበው፤ የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ «የልምድ ማነስ ነው» ብለው ከእስር አተረፉኝ። ከቢሮ ወጥቼ ቡና የሚሰጣበት አልጋ ላይ የተበላሸ ፍሬ ለቃሚ እንድሆን ተወሰነ። የቋሚነቱ ነገር በዚያው ቀረ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝና ውሳኔውን ራሴ ጻፍኩት። «ሰንጠረዡም ውስጥ ይግባ» አለ ካድሬው። «የቢሮውን ቁልፍ ተረክቦ የሚያዛውራት ማን ነው?»

«እኔ» አሉ ጋሼ። በዚህኛው መስመር የሌላ ሰው ስም ይግባ አላሉኝም።

በነጋታው ማለዳ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ኦቦሌቲ ኮ፣ አትቀየሚኝ። ልጆች አሉኝ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ልወጣ ስል ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ።

«ደረጃውን ሙይው እንጂ።»

እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ በስማቸው አጠገብ፣ «ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ።