ፕላስ መቶ ሠላሳ ሰባት

የመልስ ቁልፍ የሚባል ነገር ያቅለሸልሸኛል። ማኅተም ያረፈበት፣ ከሥሩ ሦስት ሰው የፈረመበት፣ በካኪ ፖስታ የታሸገ ወረቀት ሳይ አፌ ውስጥ ምራቅ ይሞላል። ምክንያቱን እስካሁን ለሁለት ሰው ብቻ ነግሬያለሁ። ሁለቱም "ለአንድ ጥያቄ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አሉኝ። አዎ፣ ለአንድ ጥያቄ ነው።

ያኔ ጂንካ መሰናዶ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ዘመኑ የፕላዝማ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ያስተምራል፣ እኛ መምህራኑ መብራት እስኪጠፋ ጥግ ይዘን እንቆማለን። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ቴሌቪዥኑ በጥድፊያ ያለፈውን ቀመር ለልጆቹ በቃል እናስይዛለን። በዚህ የታወቁት የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊያችን ነበሩ። ለቀመሩ ዜማ አውጥተውለታል፤ "ፕሮዳክት ሲቀነስ ሪአክታንት" እያለ ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያዜም መምህራን ማረፊያ ድረስ ይሰማል። ጋሼ ነበር የምንላቸው። መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ጠመኔ ላለቀበት ሰው ከኪሳቸው አውጥተው ይሰጣሉ። ክፉ ሰው ቢኖርበት ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከእኛ ትምህርት ቤት አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በነፃ እንደሚቀበል ደብዳቤ መጣ። አንድ ብቻ። ላቦራቶሪ ያለው፣ ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ ምግብና መኝታ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ነው። ፈተና አውጥተን የበለጠውን እንድንልክ ታዘዝን። ኬሚስትሪውን ጋሼ አወጡ፣ እኔ "አረጋግጫለሁ" ብዬ ፈረምኩ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ማኅተም መቱበት። ማረጋገጥ ማለት እኛ ዘንድ ቁልፉን ቁጭ ብሎ መሥራት አልነበረም። ጋሼ የሠሩትን መልሶ መሥራት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ስለዚህ አላየሁትም። ስክሪብቶ አውጥቼ ፈረምኩ፣ ከዚያ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

ውጤት በተለጠፈ ማግስት ጠዋት አንዲት ተማሪ መምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የወይጦ ልጅ ናት፣ ብሔረሰቧ ጸማይ፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ሁለተኛ ወጥታለች። አንደኛ ከወጣው ልጅ የምታንሰው በአንድ ማርክ ነው።

"ቲቸር፣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ኤክስ ተደርጎብኛል። ምኑን እንደሳትኩ ያሳዩኝ" አለች።

ጥያቄው ኤቲሊን ከሃይድሮጂን ጋር ተዋሕዶ ኢቴን ሲሆን የሙቀት ለውጡ ስንት ነው የሚል ነው። የተሰጠው መረጃ ሦስቱ ለየብቻቸው ሲቃጠሉ በአንድ ሞል የሚኖራቸው ሙቀት ነው፦ ኤቲሊን ማይነስ 1411፣ ሃይድሮጂን ማይነስ 286፣ ኢቴን ማይነስ 1560 ኪሎጁል። ቁልፉ "ፕላስ 137" ይላል። እሷ "ማይነስ 137" መርጣለች።

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ እሷ ተሳስታለች ብዬ አስቤ ነበር። ጆሮዬ ላይ ያ ዜማ አለ። እሷ ግን ደብተሯን ገልጣ ሦስት ማዕዘን ሣለች። ከላይ በግራ ኤቲሊንና ሃይድሮጂን፣ ከላይ በቀኝ ኢቴን፣ ከታች ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ።

"ሁለቱም ሲቃጠሉ የሚወርዱት እዚህ ታች ነው" አለች ጣቷን አሳርፋ። "በግራ ያሉት ቀጥታ ቢቃጠሉ 1697 ይወጣል። መጀመሪያ ኢቴን ሆነው ከዚያ ቢቃጠሉ ግን ኢቴኑ የሚሰጠው 1560 ብቻ ነው። መነሻው አንድ፣ መድረሻው አንድ። ታዲያ የጎደለው 137 የት ሄደ? ኢቴን ሲሆኑ ወጥቷል ማለት ነው። ከወጣ ደግሞ ማይነስ ነው።"

ሥዕሉን በጣቴ መልሼ ተከተልኩት። እሷ ያልገባኝ መሰላት።

"ከቀይ አፈር ወይጦ ስወርድ በመኪናው መንገድ ብመጣ በአቋራጭ ብመጣ የወረድኩት ቁልቁለት ያው ነው፤ ቲቸር፣ እንደዚያ ነው።"

የሙቀት ድምር ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። በቴሌቪዥኑም በዜማውም እንዲህ አድርገን አስተምረነው አናውቅም። የጋሼ ዜማ ከንጥረ ነገሮች ተነስቶ ወደ ላይ ለሚሠራው ለምሥረታ ሙቀት ልክ ነው። በቃጠሎ ሙቀት ግን ሁሉም ወደ አንድ ታች ስለሚወርድ ይገለበጣል፤ ሪአክታንት ሲቀነስ ፕሮዳክት ይሆናል። ጋሼ ዜማውን ሳይገለብጡ ሠርተውታል። በዜማው ያደገው ልጅ ሁሉ "ፕላስ" መርጦ ራይት ተደርጎለታል፣ አንደኛ የወጣውም ጭምር። አስባ የሠራችው አንዷ ተቀጣች። ከሥር ደግሞ የእኔ ፊርማ አለ።

በዚያው ቀን ለሦስት ተቀመጥን፤ ጋሼ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩና እኔ። ሦስት ማዕዘኑን ሣልኩላቸው። ከዚያም ከጋሼ ከራሳቸው ማስታወሻ ላይ ዘይት በሃይድሮጂን ሲረጋ ሙቀት ይወጣል የሚለውን አነበብኩላቸው። ያም እንደ ኤቲሊኑ ድርብ ትስስር ላይ ሃይድሮጂን መጨመር ነው። ፕላስ ከሆነ ሙቀት ይገባል ማለት ነው፤ የራሳቸው ደብተር ይመሰክርባቸዋል። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ገብቷቸዋል። ፊታቸው ላይ አየሁት።

"እንግዲህ ቁልፉ ታሽጓል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አሉ።

"ውሃ አይደለም ጋሼ፣ ወረቀት ነው" አልኩ።

ምክትሉ ለስለስ ብለው ገቡ። "ስሚኝ፣ ቁልፉን ካስተካከልን ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ቃለ ጉባኤ ከተያዘ ግምገማ ላይ ይነሳል። ግምገማ ላይ ከተነሳ ማን አረጋገጠ ይባላል። ያረጋገጥሽው አንቺ ነሽ። ዝውውር ደግሞ በዚህ ሰሞን ወደ ዱስ ብቻ ነው ያለው።" ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

ከዚያ መፍትሔ አመጡ። ጥያቄው "ግልጽ ያልሆነ" ተብሎ ይሰረዝና ለሁሉም አንድ አንድ ማርክ ይሰጥ። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል፤ የሚያቅለሸልሸኝም ይኸው ነው። በትክክል ቢታረም እሷ አንድ ታገኛለች፣ አንደኛው ልጅ አንድ ይቀነስበታል፣ ቦታው የእሷ ይሆናል። ለሁሉም ከተሰጠ ግን እሷ አንድ ስታገኝ እሱ ያለውን እንደያዘ ይቀራል። እኩል ይሆናሉ። እኩል ከሆኑ የእንግሊዝኛ ውጤት ይታያል። እሱ የጂንካ ልጅ ነው፣ አባቱ ቢሮ የሚሠራ፤ በእንግሊዝኛ እንደሚበልጣት ሦስታችንም እናውቃለን። ማንም አልተናገረውም።

ቃለ ጉባኤውን ጋሼ ጻፉ። "ጥያቄ ቁጥር 14 ግልጽነት የሚጎድለው በመሆኑ" ይላል። ወረቀቱ ወደ እኔ ተገፋ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስቅበት ነበር። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዚያው ጥያቄ ላይ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን አንብቤ፣ ሠርቼ፣ አውቄ። ከኦሞ ወንዝ ዳር ያለችውን ሩቅ መንደር፣ ዱስን ፈራሁ። ዱስ ሄጄ አላውቅም ነበር፤ ሰው የሚኖርበት አገር መሆኑን እንኳ ያኔ አላሰብኩም።

ጥያቄው መሰረዙንና ቦታው ለልጁ መሰጠቱን የሚገልጸው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ፊት ለፊቱ ቆማ አነበበችው። እኔ በመስኮት አየኋት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምናገረው ማጽናኛም ነበረኝ።

"ጥያቄው ግን ግልጽ ነበር" አለች።

"አዎ" አልኩ።

"መልሱስ?"

"ማይነስ 137 ነው።"

"ታዲያ ለምን አልጻፋችሁትም?"

የተዘጋጀሁበት ማጽናኛ ለዚህ አይሆንም። "ቁልፉን እናስተካክለዋለን" አልኩ። ለወደፊቱ ማለቴ ነው። እሷም አመነች መሰለኝ፣ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቷን አቋርጣ ወይጦ መመለሷን ሰማሁ። በዚያ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። በዚያ ምክንያት አይደለም ማለትም አልችልም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ያየሁት ስህተት እያደር ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ነው። ቃለ ጉባኤው ጥያቄውን እንጂ ቁልፉን ስላልነካው፣ ያ ፈተና ከነቁልፉ ለመለማመጃ ተብሎ ወጣ። ጋሼ ጡረታ ወጡ፣ ምክትሉ አድገው ሄዱ፣ ፕላዝማዎቹ ተበላሽተው አቧራ ለበሱ። ወረቀቱ ግን አለ። በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት እስከ አሁን ይሸጠዋል። የእኔ ፊርማ በቅጂ ብዛት ደብዝዞ ጥቁር ነጥብ ሆኗል። ተማሪዎቼን እያረምኩ "ማይነስ ነው" ስላቸው ያንን ወረቀት አውጥተው "ቲቸር፣ ቁልፉ ፕላስ ነው የሚለው" ይሉኛል። እኔን ሳይሆን የእኔን ፊርማ ያምናሉ።

ባለፈው ዓመት ፈተና ላስፈትን ወደ ኮንሶ መንገድ ስሄድ አውቶቡሱ ወይጦ ላይ ቆመ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ውሃ ልገዛ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቋ እሷ ናት። እኔ አላወቅኳትም፤ እሷ ናት ያወቀችኝ። ቀዝቃዛውን ከታች አውጥታ ሰጠችኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ባንኮኒው ላይ የሴት ልጅዋ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ደብተር ተዘርግቷል፤ ልጅቷም አጠገቡ ቆማለች።

"ትምህርት ቤታችሁ አሁን ከዘጠነኛ ይጀምራል አሉ፤ ይቺ በሚቀጥለው ዓመት ጂንካ እርስዎ ጋ ነው የምትመጣው" አለችኝ። ቀጥላም እንደ ዋዛ፣ "ቲቸር፣ ያን ቁልፍ አስተካከላችሁት?"

በቦርሳዬ ውስጥ በዚያው ሳምንት ከተማሪ የነጠቅኩት ኮፒ ነበር፤ አሥራ አራተኛው ላይ ፕላስ 137 ይላል።

"አዎ፣ ያኔውኑ" አልኳት።

ደስ አላት። ወደ ልጅዋ ዞራ፣ "አየሽ? ነግሬሽ አልነበር" አለቻት።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ የውሃውን ክዳን ከፈትኩ፣ ሳልጠጣ መልሼ ዘጋሁት።