ፀሐይ የነካው ራስ

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንዲት በቅሎ፣ የአንድ መኸር የገብስ ንግድና አንድ አማች ነው። በቅሎዋ ጥሩ በቅሎ ነበረች፤ ሌላ ገዛሁ። ንግዱም እንደነገሩ ተመለሰ። የምጽፈው ስለ አማቼ ነው።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ሱቅ ነበረኝ። ሱቅ ካላችሁት ማለቴ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ሲገኝ ላምባ፣ እንዲሁም ልባሽ ጨርቅና ባርኔጣ እሸጥ ነበር። ታላቅ እህቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ መንደር ተድራ ነበር። ገብስ የምገዛው ከእነሱ አካባቢ ስለሆነ፣ በመኸር ጊዜ ከሚስቴ ይልቅ የእህቴን ባል ነበር የማየው።

ባሏ ነጭ ሆኖ የተወለደ ሰው ነው። ነጭ ስል ቀይ ዳማ ማለቴ አይደለም። ከጥቁር አባትና ከጠይም እናት ተወልዶ ቆዳው ወተት፣ ጸጉሩና ሽፋሽፍቱ የገብስ ገለባ ነበር። ዓይኑ ፀሐይ አይችልም፤ ሲያርስም ሲያወራም አጨንቁሮ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መሐል አናቱ ስለተመለጠ፣ የቀረው ጸጉር በጆሮው ዙሪያ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ «ፈረንጁ» ይለዋል። ገበያ ሲወጣ ከሩቅ ይጮሁበታል።

«ፈረንጁ! ዶላር ይዘሃል?»

«ነበረኝ፣ ገበሬ ማኅበሩ ወረሰው» ይላል ሳይቆም።

አንድ ጊዜ ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ስብሰባ ላይ አይቶት፣ «ይኼ ደግሞ ኢምፔሪያሊዝም በምን ገባ?» ብሎ ሰው አሳቀበት። አማቼ ተነሥቶ፣ «ጓድ፣ በእናቴ በኩል ነው የገባሁት» አለ። ሳቁ ወደ ካድሬው ዞረ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ለመሬቱ ሲሆን ግን ቀልድ የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ነጭ ሆኖ ስለተወለደ መሬቱን ጥላ ሥር አያርስም።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በእጄ ነው። አንድ ቀን ስጨብጠው ግራ እጄን በእጁ ጀርባ ላይ አሳረፍሁ። ገለባ የተጣበቀበት መስሎኝ ላራግፈው ብሞክር አልረገፈም። ቀረብ ብዬ ሳየው ምንም የረባ ነገር አይታይም፤ እዚህም እዚያም ትንሽ ቀላ ያለ፣ ትንሽ ቅርፊት ያለው ነገር ነው። ሲዳሰስ ግን አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት ነው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ራሴን ብትዳስስ ምን ልትል ነው» ብሎ ጎንበስ አለልኝ። መላጣው ሁሉ እንደዚያው ነበር፤ የጆሮው ጫፍ ሳይቀር።

ለካ ቤተሰቡ ሲታገለው ኖሯል። ቅቤ ቀብተውታል፣ አመድ አሽተውበታል፣ ጸበል ተጠምቋል። እሱም ቁጭ ባለበት በጥፍሩ እየፋቀ ይጥለዋል። ቅርፊቱ ይነሣል፣ ሥሩ ይቀላል፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በዚያው ቦታ ተመልሶ ይመጣል። ጎረቤቱ ጭርት ነው ይላል። ከጭርት የባሰ የሚሉም ነበሩ፤ ማኅበር ላይ ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ መቁረስ የተዉ ሁለት ሦስት ሰዎችን እህቴ በጣቷ ቆጥራ ነገረችኝ። እሱ አልነገረኝም።

ደባርቅ ክሊኒክ አንድ ድሬሰር ነበር፤ እኛ ዶክተር ነበር የምንለው። ወሰድሁት። ድሬሰሩ ብዙ አላየም፤ ጣቱን በመላጣው ላይ ቀስ አድርጎ ነዳው፣ ከዚያ በእጆቹ ጀርባ፣ ከዚያ በጆሮዎቹ።

«ጭርት አይደለም። ወደ ሰው አይተላለፍም። ፀሐይ ነው» አለ።

«ፀሐይማ ሁላችን ላይ አለች ዶክተር» አለ አማቼ።

«እኛ ቆዳችን ውስጥ ቀለም አለን፤ ይከላከልልናል። አንተ የለህም። ሠላሳ ዓመት ያረስህበት ፀሐይ አንድ በአንድ እዚህ ተቀምጧል። የአንድ ክረምት ወይም የአንድ በጋ ሥራ እንዳይመስልህ።»

«ይገድላል?» አልሁት እኔ። ነጋዴ መጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ ይጠይቃል።

«አብዛኛው እንዲሁ ይኖራል፤ አንዳንዱም ራሱ ይጠፋል። ከመሐል አንዱ ግን ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል። የትኛው እንደሆነ አይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ስለዚህ ጎንደር ሂድ፣ ሁሉንም ፍቀው አቃጥለው ያነሡልሃል። እስከዚያ ራስህን ሸፍን፣ እጅህን ሸፍን። አንዱ ወፈር ካለ፣ ካመመህ፣ ከደማ፣ ቁስሉ አልድን ካለ፣ ያን ቀን ና።»

ከሱቄ ሰፊ ክፈፍ ያለውን ባርኔጣ አወጣሁለት። አድርጎት ወጣና በመስኮቱ ራሱን አይቶ፣ «አሁንማ ፈረንጅነቴ ተረጋገጠ» አለ። እህቴ ደግሞ እጅጌ የረዘመ ሸሚዝ ሰፋችለት። ጎንደር የሚሄደው ገብሱ ከታጨደ በኋላ ገብሴን በሚጭነው የኪራይ መኪና ላይ ተሳፍሮ እንዲሆን ተስማማን። የይለፍ ወረቀቱንም ላወጣለት ቃል ገባሁ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ከረመ። ቅርፊቶቹ አልጠፉም፤ አዲስ ግን አልተጨመረም ትል ነበር እህቴ።

ገብሱ ሳይታጨድ መርዶ መጣ። የበኩር ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ነበር። መርዶው ከመንግሥት አልመጣም፤ አብሮት የነበረ የጎረቤት ልጅ አንድ እጁን አጥቶ ተመለሰና ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ ቆሙ። እህቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ነው የገባት።

በዚያ አገር ልጅ የሞተበት አባት ራሱን ይላጫል፣ ባዶ ራሱንም ይከርማል። እኔ ስደርስ ለልቅሶው ተላጭቶ ነበር። ምላጩ በጆሮው ዙሪያ ያለውን ጸጉር ብቻ አልነበረም የወሰደው፤ የራሱንም ቅርፊት ጠርጎ፣ ራሱ ሁሉ ቀልቶ በየቦታው ደም ይዞ ነበር። ባርኔጣው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሳምንት በኋላ ልቅሶ የሚደርሱ ሴቶች፣ «ያ ነገርስ ለቀቀው፤ እዩት ራሱ ጠራ» ይባባሉ ነበር። ይኼ ነው የጎዳን። እህቴም አመነች። እኔም ለጥቂት ቀን ማመን ፈለግሁ። ምላጭ የሚወስደው ላዩን ነው፤ ቅርፊቱ ግን ከሥር ከታመመው ቆዳ ነው የሚበቅለው። የልቅሶው ወሬ ሳይበርድ ተመልሶ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ።

መኪናው ሊነሣ ሲል መጣሁበት።

«በል ተነሥ፣ ጎንደር እንሂድ።»

«ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ሐዘንህን ይዘኸው ና። መኪናው ላይ ቦታ አለ።»

አልሳቀም። «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከደጄ ርቄ ራሴን ላስታምም? ሰው ምን ይለኛል?»

«እሺ ቅር። ባርኔጣውን ብቻ አድርግ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ከፀሐዩ ይሁን ከለቅሶው እንጃ ቀልቷል። «ልጄ የወደቀው ሜዳ ላይ ነው። ማን እንደሸፈነው፣ ይሸፍነው አይሸፍነው አላውቅም። እኔ ጥላ ልፈልግ?» አለኝ።

መኪናው ያለ እሱ ሄደ።

የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄድሁ፤ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። «መምሬ፣ እባክዎ አንድ ቃል ይናገሩት» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ራስህን አትሸፍን አላለችም፤ ይኼ የአገሩ ወግ ነው» አሉኝ። አብረውኝ መጡና ይህንኑ ነገሩት፣ ለመኑት፣ በመጨረሻም ተቆጡት። ጉልበታቸውን ሳመና፣ «መምሬ፣ ንስሐ ይስጡኝ፤ ይኼን ግን ይተዉኝ» አላቸው። ተነሥተው ሲወጡ፣ «ከአባትነት ጋር አልከራከርም» አሉኝ።

ሰው ሁሉ በጋቢው ሲከናነብ እሱ ባዶ ራሱን አጨደ፣ ወቃ፣ መልሶ አረሰ። እኔ በመጣሁ ቁጥር መጨበጤን ትቼ ራሱን መዳሰስ ጀምሬ ነበር። እሱም ጎንበስ ይልልኛል፤ በዚህ እንኳ አልተቆጣኝም። አንድ ቀን አናቱ ላይ፣ ከሌሎቹ መሐል አንዱ ወፍሮ እንደ ባቄላ ጠጥሮ አገኘሁት። ስነካው ራሱን አሸሸ።

«አመመህ?»

«ትንሽ።»

«ይደማል?»

እህቴ ከጓዳ ሆና መለሰች፤ «ትራሱን ና እይ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አሳጥሬ ልናገረው። እሺ እስኪል ብዙ ሰነበተ። እሺ ሲል መንገዱ በጦርነት ተዘጋ። ሲከፈት የይለፍ ወረቀት የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ያን መኸር ገብስ የምገዛበት ገንዘብም ጊዜም አልነበረኝም፤ በቅሎዋንም የሸጥሁት ያኔ ነው። ዳባት ላይ አንድ ቀን አድረን፣ ወታደር በሚያጅበው መኪና ጎንደር ገባን። በዚያን ጊዜ ያቺ ባቄላ ተሰንጥቃ የማይደርቅ ቁስል ሆናለች፤ ጠርዟ ጠንካራ፣ መሐሏ የሚደማ። ከጆሮው ሥርም ዕጢ ወጥቷል።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ሁሉንም ዳሰሰ፣ ዕጢው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይኼ ቅርፊት ብቻ በነበረ ጊዜ ብትመጡ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር» አለ።

አማቼ ጠየቀው። «ዶክተር፣ ባዶ ራሴን የከረምሁበት ዓመት ነው ያደረገው?»

«አይደለም አባቴ። የኖሩበት ዘመን ሁሉ ፀሐይ ነው። ዘንድሮ ያለፈው የመታከሚያው ጊዜ ነው።»

የሚቆረጠውን ቆረጡለት። ዕጢው ወደ ውስጥ ሄዶ ነበር፤ አዲስ አበባ ይሂድ አሉ። እሱ ፋሻውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «አሁን ሸፈኑኝ» አለኝ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ እንድመልሰው ለመነኝ። የልጁ የሙት ዓመት ተዝካር ደርሶ ነበር። መለስሁት። በተዝካሩ ቀን ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ፤ ከገበታ ርቀውት የነበሩትም ሰዎች አጠገቡ ተቀመጡ። እሱ ግን መብላት አቁሞ ነበር።

ገብሱ ሳይዘራ ሞተ።

ሂሳቡ ይኸው ነው። እህቴ ባልና ልጅ አጣች። ሁለት ሴት ልጆች ቀርተዋታል። መሬቱን ሌላ ሰው በእኩል ያርስላታል። ባሏ የተቀበረው መንደራቸው ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ልጇ የት እንደተቀበረ አናውቅም።