የመኳንንት የነሐስ ስፒና

የመሐል ሜዳው ባለወፍጮ መኳንንት ግትር ነው ሲሉት እኔም አብሬ ስል ኖሬያለሁ። ጎረቤቱ ነኝና ምላሴን ማን ይከለክለኛል? ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክንዳችንን ከመጅ ያሳረፈልን የሱ የሞተር ወፍጮ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ወፍጮው አንድ አመል ነበረበት። ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግና ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ የሚገናኙት ፊት ለፊት በገጠሙ ሁለት የብረት ሳህኖች ነው። ሳህኖቹን የምታያይዛቸው ደግሞ ጣት የምታህል የነሐስ ስፒና ብቻ ናት። ከእህሉ ጋር ብረት ገብቶ ድንጋዩ ድንገት ሲያዝ ስፒናዋ ትቆረጣለች፤ ሞተሩ ባዶውን ይዞራል፣ ድንጋዩ ይቆማል። ያኔ ወረፋ የያዝን ሴቶች እናጉረመርማለን። "ጌታዋ ግትር፣ እሷ ልፍስፍስ" እያልኩ ስንቴ አስቄበታለሁ።

ጉዱ የመጣው ሚስቱ ሸዋረጋ የአባቷን ተዝካር ልታወጣ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ሁለት ቁና ገብስ ሲቀር ድንጋዩ ጓ አለና ቆመ። መኳንንት ከፍቶ ቢያይ የተሰበረ የማጭድ ጫፍ ገብቶበታል። የተቆረጠችውም የመጨረሻዋ ስፒና ናት፤ ምትኩ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ የሚደርሰው ከተዝካሩ በኋላ ነው። ሸዋረጋ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምራ ስትፈጭ ትከሻዋ ተጎድቷል፤ መጅ ብትይዝ ክንዷ አይነሳም።

ከባሏ የዕቃ ሳጥን የጠነከረ ብረት ቁራጭ አውጥታ፣ "ለዛሬ ብቻ ይህን አግባበት" አለችው።

"አይሆንም። ይህ አይቆረጥም።"

"ባይቆረጥ ምን ክፋት አለው?"

"ሌላ ማጭድ ቢገባስ? ስፒናው አልቆረጥ ካለ የሚሰበረው የሞተሩ ዘንግ ነው። እሱን ማን ይሠራልሻል? አገሩ ሁሉ ወደ መጅ ይመለሳል፣ አንቺም ጭምር።"

"ከአባቴ ተዝካር ሞተርህ በለጠብህ" ብላ ፊቷን አዞረችበት። ወረፋ ይዤ የቆምኩት እኔም እሷን ደግፌ የአፌን ተናገርኩት።

ሞተሩን አጥፍቶ ገብሱን ተሸከመና ቤቱ ገባ። ተከትለን ብንገባ ምን እናያለን? መኳንንት ጋቢውን ጥሎ፣ የድሮው ወፍጮ ላይ አጎንብሶ መጅ ይዟል። በእኛ አገር ወንድ በመጅ እህል ሲፈጭ ታየ ማለት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መሳቂያ ነው። ሳቅንበት፤ ጎረቤታችን አዛለችማ እልል አለች። እሱ ቀና ሳይል ይገፋል። ላቡ ዱቄቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንዱ ይጠርጋል። መዳፉ ተልጦ ሳይ ሳቄ ጠፋ።

ሸዋረጋ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና በደህናው እጇ ዱቄቱን ዘግና በጣቶቿ አሸችው።

"አልላመም" አለችው ቀስ ብላ፣ ግንባሩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችለት። "ድገመው።"