ለሠራተኞቹ እንደገና የተጻፈው ሪፖርት

ኡሙሃኒ ቆቦ ከተማ ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት የሪፖርት ጸሐፊ ነበረች። በደርግ ዘመን ነው፤ ዋጃ አጠገብ የተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ደረቅ ሆነ። ለድርጅቱ ቦርድ በአንድ ገጽ፣ «ቁፋሮው አልተሳካም፤ ሌላ ቦታ ይፈቀድልን» ብላ ጻፈች። ደክሟት ስለነበር ያንኑ ገጽ ለቁፋሮ ሠራተኞቹም ሰሌዳ ላይ ለጠፈችላቸው።

የቁፋሮው ኃላፊ ሙላው አንብቦ መጣ።

«እህቴ፣ በዚያ ሐሩር የለፋነው በአንድ መስመር አለቀ?» አላት።

ገጹን ከሰሌዳው ላይ አነሳችው። መድረቁን ሳትደብቅ እንደገና ጻፈችው፤ የገጠማቸውን አለት፣ ልፋታቸውንና ቀጣዩን ሥራ ጨመረችበት።

ሙላው አነበበው። «ጉድጓዱ ያው ደረቅ ነው። ይሄ ግን ለእኛ የተጻፈ ነው» ብሎ ወጣ።

ኡሙሃኒ ዓይኗን አሽታ ሌላ ወረቀት የጽሕፈት መኪናው ውስጥ አስገባች። ለውጭ ለጋሾች ደግሞ ዋጃ የት እንደሆነች ከመንገር ጀምሮ ሁሉንም በዝርዝር ማስረዳት ነበረባት።