ከላንቃዋ በላይ ያለው ሥጋ

ልጄ ታንኮራፋለች ስል ሰው ይስቃል። አራት ዓመት ያለፋት ልጅ! መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄያለሁ። ላሊበላ ውስጥ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በታች ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ መስቀል፣ ነጠላና የብራና ሥዕል እሸጥባታለሁ። ልጄን ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ አስተኛታለሁ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ መስቀል ሲያገላብጥ ቆየና ወደ መጋረጃው እያየ «ባለቤትሽን ድካም ጥሏቸዋል» አለኝ። ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። አፏን በርግዳ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የዚያች የክብሪት እንጨት የምታክል ልጅ ማንኮራፋት ቤቱን ይሞላዋል። «ኧረ በስመ አብ!» ብሎ ሳቀ፤ መስቀሉን ግን አልገዛም።

እሱ ሲሄድ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ማንኮራፋቷ ድንገት ቀጥ አለ። ደረቷ ይነሳል፣ ሆዷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አየር ግን የለም። ልነካት እጄን ስዘረጋ አንዴ ስቅ ብላ ተነፈሰችና ተገላብጣ ተኛች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ደህና ሰንብች ብሎኝ ሄደ። እሷ ትተኛለች፣ እኔ ትንፋሿን እጠብቃለሁ። ሁለተኛውን ልጅ ደግሞ በሆዴ ይዣለሁ። ሰው የሚያየኝ ሁሉ «ምነው ከሳሽ?» ይለኛል። ምን ልበል?

ቀንም ቢሆን አፏ አይገጥምም። ስትበላ ማላመጡንና መተንፈሱን አንድ ላይ ማድረግ አቅቷት በመሀል ትቆማለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ይደማል። «አፍሽን ግጠሚ» ስንላት ትገጥመዋለች፣ ጥቂት ቆይታ ከውሃ እንደወጣ ጠላቂ በርግዳ ትከፍተዋለች። ከመዋዕለ ሕፃናት ደግሞ መምህሯ አስጠራችኝ። «ልጅሽ አኩራፊ ናት፤ ስጠራት ዞር ብላም አታይ» አለችኝ። እኔም «ቤት ታንኮራፋለች፣ እናንተ ጋ ታኮርፋለች፤ እንግዲህ ይችን ልጅ የት ልውሰዳት?» አልኳት። ሳቅን። የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

የባሌ እናት ከብልባላ መጥተው እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ባሌ አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ በተገኘ ቀን ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይዞ ይሄዳል፣ ባልተገኘ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ቤቱን የምናንቀሳቅሰው እኔና እሳቸው ነን። «ብርድ ነው» አሉ። ዳማከሴ ጨመቁላት፣ ፌጦ አጠጧት። እኔ ደግሞ ጤና ጣቢያ እየወሰድኩ ሽሮፕ አመጣሁ፤ ያ ሲያልቅ ሌላ ሽሮፕ። የሷ ንፍጥ ግን አንዴም አልደረቀም።

በመጨረሻ የከተማችን ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ገና ከበሩ ስትገባ አያት። አፏን፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት፣ አንጋጣ መሄዷን። የአንገቷን ራጅ አስነሳና ብርሃን ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶ አመለከተኝ። «ይኼ ጥቁሩ መስመር የአየር መንገዷ ነው። እዚህ ጋ እንዴት እንደጠበበ አየሽ? ከአፍንጫዋ ጀርባ፣ ከላንቃዋ በላይ ያለ ሥጋ ነው የዘጋባት። አዴኖይድ ይባላል። ሕፃን ሁሉ አለው፤ በዚህ ዕድሜ ያድግና ከፍ እያሉ ሲሄዱ ራሱ ይሟሽሻል። የሷ ግን በዝቷል።» ቀጥሎ ጆሮዋን አየ። ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ ተጠራቅሟል፤ ያው ሥጋ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ስለደፈነው ነው። «የምትሰማው ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ነው» አለኝ።

አኩራፊ ያልናት ልጅ!

አፍንጫዋ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ሰጠንና ለጥቂት ወራት ሳናቋርጥ እንድንረጭላት አዘዘ። ለብዙ ልጅ ይበቃል አለን። ለኛ አልበቃም። ንፍጡ ቀነሰ፣ የትንፋሿ መቆም አልቀነሰም፤ የጆሮዋም ውሃ እንዳለ ነው። «በእንቅልፏ ትንፋሽ የሚቆም ከሆነ፣ ጆሮዋም ይኼን ሁሉ ጊዜ ካልጠራ፣ ማስወጣቱ ይታሰብበታል» ብሎ ደሴ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላከን።

መንገዱ ክፍት ነው የተባለ ቀን ሚኒባስ ያዝን። ጋሸና ላይ ሲያቆሙን፣ ወልድያ ላይ ሲያወርዱን፣ ወገቤ ሊበጠስ ደረሰ። ልጄ እናቷ ስትደክም ይታወቃታል መሰለኝ፣ ሆዴን ተደግፋ ሳታስቸግረኝ ተጓዘች። የባሌ እናት ዳቦ ቆሏቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው «እኔ ሳልኖር አትነካም» ብለው አብረውን መጥተዋል።

የደሴው ሐኪም ሸበት ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ራጁን አዩ፣ ጆሮዋን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «አፍሽን ክፈችልኝ» አሏትና ባትሪያቸውን አበሩ። ባትሪውን አጥፍተው እንደገና አበሩ።

«እንጥሏ የት ሄደ?»

እኔ አልገባኝም። «የሷ እንጥል?»

«ተቆርጧል። በሕፃንነቷ ነው የተቆረጠው።»

ከኋላዬ የባሌ እናት ወንበር ሲጥ አለ። «እኔ ነኝ» አሉ። እኔ በገና ሰሞን እንግዳ በዝቶ ሱቅ ስውል ገና ወደኛ ሳይመጡ ልጄን ብልባላ እሳቸው ጋ ትቻት ነበር። ገና ጡት የምትጠባ ልጅ፣ ሳል ያዛት፣ ወተት አስመለሳት። «እንጥሏ ወርዶ ሊያፍናት ነው አሉኝ። ቆራጩን አስጠራሁ። የልጆቼን ሁሉ ቆርጦልኛል፤ ምን ክፋት አለው ብዬ ነው፣ ጌታዬ?» አሉ። ለሐኪሙ ነው የሚናገሩት፣ እኔን አላዩኝም።

ልናደድ ፈለግኩ፤ እውነቴን ነው የምለው። ግን ለመናደድ እንኳ አቅም ያስፈልጋል። ሐኪሙ ባትሪውን ወደኔ አዞሩ። «አንቺም ክፈች እስቲ።» ከፈትኩ። «ያንቺም የለም» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት አፍ፣ አንድም ቀን ገብቼ አላየሁትም።

ነገሩን በእጃቸው እያሳዩ አስረዱን። ስንውጥና ስንናገር የላንቃችን ለስላሳው ክፍል ወደ ኋላ ተነስቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል። አንዳንድ ጊዜ እንጥል ሲቆረጥ ከላንቃው ጭምር ይቆረጣል፤ ያኔ ላንቃው ያጥርና መዝጋት ያቅተዋል። ያ ያበጠ ሥጋ ደግሞ ምናልባት ክፍተቱን ሞልቶላት ይሆናል። «ሙሉ በሙሉ ባወጣው ትተነፍሳለች፣ ንግግሯ ግን በአፍንጫዋ ሊወጣ ይችላል፤ የጠጣችውም እንደዚሁ።» በጣታቸው ላንቃዋን ዳሰሱ። ከአፍንጫዋ ሥር ትንሽ መስታወት ይዘው «ፓፓያ በይ» አሏት። አለች። መስታወቱ ጥቂት ጭጋግ ያዘ፤ በአፍንጫዋ ያመለጠ አየር ነው። ያቺን ጭጋግ ሦስታችንም አፍጥጠን አየናት።

«ይቅር» አሉ የባሌ እናት። «ድምጿ ከሚበላሽ ይቅር። እንዲያው ትኑር። ሲያድጉ ይሟሽሻል ብላችሁ የለ?»

«ይሟሽሻል እናቴ፤ ግን ዓመታት ይወስዳል» አሉ ሐኪሙ። «ትንፋሿ ዓመታት አይጠብቅም። እኔ የላይኛውን ክፍል ብቻ ላውጣውና ላንቃዋ የሚያርፍበትን የታችኛውን ጠርዝ ልተውላት። አየሩ ይከፈታል፤ ድምጿም የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። እርግጠኛ ነኝ ግን አልላችሁም።»

ባሌ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። የባሌ እናት ወደኔ ዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ለመነኝ። ልጄ መስታወቱ ላይ እየተነፈሰች ትጫወታለች። ትሙት ወይስ ትኮላተፍ ያሉኝ ነው የመሰለኝ። «ያውጡት» አልኩ።

ቀዶ ጥገናው በአፏ በኩል ነው፤ ከውጭ የሚቀደድ ነገር የለውም። በማደንዘዣ አስተኟትና የላይኛውን ሥጋ ጠርገው፣ ታምቡሯን በስተው ውሃውን መጠጡላት። እኛ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው ዳዊታቸውን ያነበንባሉ፣ እኔ እግሬ አብጦ ጫማዬን አውልቄያለሁ። ስትነቃ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ በአፍንጫዋ ወጣ። የመጀመሪያውን ውሃ ስትጎነጭ ሁለት ጠብታ ካፍንጫዋ ወረደ። የባሌ እናት «እኔን! እኔን ያርገኝ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሐኪሙ ግን አልደነገጡም። «ላንቃዋ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ነው። ሳምንታት ስጧት። ደም ካየሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ሆስፒታል» አሉኝ።

ደም አላየንም። ላሊበላ ስንመለስ ልጄ አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ተኛች። ማንኮራፋት የለም፣ ትንፋሽ መቆምም የለም። እኔም እንደ ሬሳ ተኛሁ። ንግግሯ ግን እንደታፈነ ቀረ። የባሌ እናት ቁርስ ሳትበላ «ፓፓያ በይ» ይሏታል፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ «ፓፓያ በይ» ይሏታል። አንድ ቀን ይሻለናል፣ በማግስቱ ይከፋብናል። ባሌ እንኳ «ተዉአት፣ ፓፓያ የሚባል ፍሬ ጠላች እኮ» እያለ ይስቅባቸዋል። እሳቸው አይስቁም። ጾም ጨምረዋል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

የመውለጃዬ ወር ሲገባ አንድ ከሰዓት ጓዳ ተቀምጠን ሽንኩርት እየላጥን ነበር። ልጄ ውጭ በረንዳው ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታን በጠመኔ ታጫጭራለች። የባሌ እናት ሆዴን እያዩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ትንፋሽ የምታክል ድምፅ ነው ያወጡት።

«ይኼኛውስ? አንድ ቀን እንደሷ ሳል ቢይዘው… ዝም ብለን እናየዋለን?»

ጠየቁኝ እንጂ አልቆረጡም፤ ፈርተው ነው። ቢላዬን አስቀምጬ ዞር ስል ከበረንዳው ድምፅ መጣ። ራሷን ቀና አላደረገችም፣ ጠመኔውንም አላቆመችም።

«እማማ፣ የሱን እንዳያስቆርጡት!»

ቃሉ ከአፏ ነው የወጣው። ጥርት ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳትታፈን። የባሌ እናት ሽንኩርታቸውን እንደያዙ አፈጠጡብኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ሰማችን?» አሉኝ።